ባንዲራው ቀርቶ ET ሲታየን ጥፋቱ የማን ነው?

ከስልክ የተላከ የኢትዮጵያ ባንዲራ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ባንዲራው ይቀርና ET የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ይታያሉ። ይህን ያየ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ‹‹ፋይሉ ተበላሽቷል›› ነው። አንዳንዱም ላስተካክል ብሎ ይነሳና ባንዲራዎቹን ከዳታቤዙ አውጥቶ በትንንሽ ሥዕሎች ይተካቸዋል። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ፊደሎቹ መታየታቸው ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም የአሠራሩ ጥሩ ጎን ነው። እውነተኛው ብልሽት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እኛው ራሳችን ከምንጽፈው ፕሮግራም ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ግን ባንዲራው ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ የ‹ሀ› ቁጥር U+1200 ነው። ታዲያ የኢትዮጵያ ባንዲራ ቁጥር ስንት ነው ብትሉኝ መልሱ ‹‹የለውም›› ነው። የኬንያም የጃፓንም የለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ለዚህ ሥራ ያስገባው 26 አመልካች ፊደሎችን ብቻ ነው፤ የ A አመልካች U+1F1E6፣ የ Z ደግሞ U+1F1FF ነው። እነዚህ በኪቦርድ ከምንጽፋቸው ተራ የላቲን ፊደሎች የተለዩ ናቸው። ሥራቸው ሁለት ሁለት ሆነው የአንድን አገር መለያ መጻፍ ነው። መለያው የሚወሰደው አይ ኤስ ኦ 3166-1 ከተባለው የአገሮች ኮድ ሰንጠረዥ ነው።

እስቲ የእኛን እንሥራው። የኢትዮጵያ ኮድ ET ነው። A ን ዜሮ ብለን ብንቆጥር E አራተኛ ላይ ይውላል፤ ከ U+1F1E6 ላይ 4 ስንደምር U+1F1EA እናገኛለን። T ደግሞ 19ኛ ላይ ነው፤ 19 በሄክሳዴሲማል 13 ስለሆነ ድምሩ U+1F1F9 ይሆናል። በቃ፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። አረንጓዴ የለ፣ ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ። ቀለሙን የሚያመጣው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ለዚህ ጥንድ የተዘጋጀ ሥዕል ካለው ባንዲራውን ያሳያል፤ ከሌለው ሁለቱን ፊደሎች እንዳሉ ያስቀምጣቸዋል። ዊንዶውስ 10ም ሆነ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ይዘውት የመጡት Segoe UI Emoji የተባለው ፎንት የአገሮች ባንዲራ አልነበረውም። ፋየርፎክስ ግን የራሱን የኢሞጂ ፎንት ይዞ ስለሚመጣ፣ በዚያው ማሽን ላይ ያው ጽሑፍ ባንዲራ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ጽሑፉ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ፋየርፎክስ ከየት አምጥቶ ያሳየው ነበር?

‹‹ለእያንዳንዱ ባንዲራ አንድ ቁጥር ቢሰጥ አይቀልም ነበር ወይ?›› የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለፕሮግራመሩ ይቀል ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን እንመልከት። አመልካች ፊደሎቹ በዩኒኮድ የገቡት በ2010 ሲሆን ደቡብ ሱዳን ነፃ የወጣችው በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት SS የሚል ኮድ ተሰጣት። ለእሷ ተብሎ አንድም አዲስ ምልክት ዩኒኮድ ውስጥ መግባት አላስፈለገም፤ S ቀድሞውኑ ነበረች፣ ሁለት ጊዜ መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። ሥዕሉ ገና ያልደረሰው ስልክም ቢሆን SS ብሎ ያሳይ ነበር እንጂ ባዶ ሳጥን አያሳይም። አገር ማን ነው፣ ማን አይደለም የሚለው ከባድ ጥያቄም ለፊደል ቆጣሪዎች አልተተወም፤ ወደ ሰንጠረዡ ተላለፈ። ለእኔ ይህ ብልህ አሠራር ነው።

ይህ አሠራር የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ ከፋዮቹም እኛ ነን። በዓይን አንድ የሚመስለው ነገር በማሽኑ ውስጥ ሁለት ነው። ብዙ ባንዲራ ተከታትሎ ሲመጣ ደግሞ በመካከላቸው ምንም መለያ ምልክት የለም፤ ማሽኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ሁለት እያደረገ ይቆጥራል። የኬንያንና የኢትዮጵያን ባንዲራ ያለ ክፍት ቦታ አስከትለን ብንጽፍ ጽሑፉ K፣ E፣ E፣ T ነው። አሁን ፕሮግራማችን ከፊት አንድ ምልክት ይቁረጥ፦

```
s = "\U0001F1F0\U0001F1EA\U0001F1EA\U0001F1F9"
print(len(s))
print(s[1:])
```

ፓይተን ርዝመቱን 4 ይለዋል። ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው E፣ E፣ T ነው። ማሽኑ እንደ ልማዱ ከፊት ሁለቱን ያጣምራል፤ EE ደግሞ የኢስቶኒያ ኮድ ነው! ኬንያ ጠፋች፣ ኢትዮጵያ ጠፋች፣ ማንም ያልጻፋት ኢስቶኒያ ብቅ አለች፤ T ደግሞ ብቻዋን ቀረች። ለእኔ ብልሽት ማለት ይህ ነው። ET ብሎ የሚያሳየው ዊንዶውስ አገሪቱን አላጠፋም፤ እንዲህ የሚቆርጠው ፕሮግራም ግን አንዱን አገር በሌላ ይለውጣል። ስም በ20 ምልክት እንዲያልቅ የሚያስገድድ ፎርም ወይም ጽሑፍን ወደ ኋላ የሚገለብጥ የላብ ልምምድ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ET ሲገለበጥ TE ይሆናል፤ በዚህ ኮድ የሚጠራ አገር ስለሌለ የትኛውም ስልክ ላይ ፊደል ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ፊደል ባየን ቁጥር ለመጠገን ከመሮጣችን በፊት መመርመር ይገባናል። ምርመራው አንድ መስመር ነው፦

```
print([hex(ord(c)) for c in s])
```

በ s ምትክ የተጠረጠረውን ጽሑፍ እናስገባ። 0x1f1ea እና 0x1f1f9 ከወጡ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የፎንት ሥዕል ብቻ ነውና ዳታው አይነካ። 0x1f1f9 ቀድሞ 0x1f1ea ከተከተለ አንድ ፕሮግራም ገልብጦታል። ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ተቆርጧል። 0x45 እና 0x54 ከወጡ ደግሞ መጀመሪያውኑ ባንዲራ አልነበረም፤ አንድ ሰው ተራ E እና T ጽፏል ማለት ነው። በስክሪን ላይ አራቱም ፊደል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ባንዲራን በሥዕል መተካት ያምራል የሚሉ ጓደኞቼን ስሜት እረዳለሁ። ተጠቃሚው ባንዲራ ለማየት ፈልጎ ፊደል ቢሰጡት ደስ አይለውም። ነገር ግን መፍትሔው ሥዕል ያለው ፎንት ማቅረብ ነው፤ ፋየርፎክስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሥዕል ዳታቤዙ ውስጥ ከገባ ‹ኢትዮጵያ› ብሎ መፈለግም፣ በኮድ መደርደርም ያስቸግራል። የባንዲራ ቅርጽ ቢለወጥም እያንዳንዱን ሥዕል እየዞሩ መቀየር ሊመጣ ነው። ሞሪታኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባንዲራዋ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች ስትጨምር MR ብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ግን አንድ ፊደል እንኳ አልተነካም፤ ፎንቱ ሲታደስ ባንዲራውም ታደሰ።

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ሁሉ የአገር ዝርዝር ካላችሁ ከባንዲራው ጎን የአገሩን ስም ጻፉ፤ ያኔ ፎንቱ ቢኖርም ባይኖርም አንባቢ አይቸገርም። ጽሑፍ የምትቆርጡም ከሆነ ቁረጡ፣ ግን በዓይን በሚታየው አሃድ ቁረጡ። በፓይተን regex የተባለው ተጨማሪ ሞጁል \X በሚለው ምልክቱ ጥንዱን ሳይለያይ ያወጣዋል። የእኛ ድርሻ ሁለቱን ፊደሎች አብረው ማድረስ ነው፤ ቀለሙን ፎንቱ ያምጣው።