ኮዱን አትንኩት

የስልክ ስክሪንሾት ሲተረጎም አንድም የእንግሊዝኛ ቃል መቅረት የለበትም የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ በፍጹም አልስማማም። የስህተት መልእክት የሚተረጎመው ስልኩን ይዞ መፍትሔ ለሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ ሰው የስልኩን ቀን በእጁ ሲያስተካክል ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞላ እንበል። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነውና ዓመታት ወደ ኋላ ቀረ። በክሮም ድረ ገጽ ሲከፍት ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን የሚናገር ገጽ ይመጣል፤ ኮዱም አብሮ ይታያል፦

```
NET::ERR_CERT_DATE_INVALID
```

ርዕሱና ማብራሪያው በሙሉ ይተርጎም። ኮዱ ግን አንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ጠጋኙም ችግሩን የሚለየው፣ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ የሚፈለገውም በእሱ ነው። «የምስክር ወረቀቱ ቀን ልክ አይደለም» ብለን ብንተካው አንባቢው የራሱ ሰነድ ጊዜው ያለፈበት ይመስለዋል። ሰርተፊኬቱ የድረ ገጹ ነው። ስልኩ ያልተቀበለው በተሳሳተው ቀን ሲቆጠር ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ ነው። ስለዚህ ሰርተፊኬት የሚለውን ቃል እንዳለ ትቶ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይሻላል።

ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ «Update date and time» የሚለው ቁልፍም እንዳለ ተጽፎ ትርጉሙ ይከተለው። አማርኛውን ብቻ የያዘ ሰው ስክሪኑ ላይ ፈልጎ አያገኘውም። አማርኛን የሚያከብር ተርጓሚ አንባቢውን የሚጫነው ቁልፍ ድረስ ያደርሰዋል።