በ12,000 ብር ምን ይጀመር?
ሠርቶ መሸጥ፣ አገልግሎት መስጠት፣ ወይስ ገዝቶ መሸጥ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ምክር ጠይቀውን ነበር። ወይዘሮዋ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ከዕቁብ የደረሳቸው 12,000 ብር በእጃቸው አለ። የመሥሪያ ቤት ሥራቸውን መተው አይፈልጉም። ጎረቤታቸው በርበሬ አዘጋጅተው እንዲሸጡ፣ የሥራ ባልደረባቸው ከመርካቶ የልጆች ልብስ እያመጡ እንዲቸረችሩ፣ እህታቸው ደግሞ ከእናታቸው የወረሱትን ባለ መርገጫ ሲንጀር መኪና አውጥተው ልብስ እንዲያስተካክሉ መክረዋቸዋል። «ሦስቱም ያተርፋሉ ይሉኛል፤ የቱን ልያዝ?» ነበር ጥያቄያቸው።

እኛም ደብተርና እርሳስ ይዘን አብረን ተቀመጥን። በመጀመሪያ የቆጠርነው ብሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ወይዘሮዋ ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ ራት አቅርበው ልጆች ሲተኙ የሚተርፋቸው ጊዜ፣ የቅዳሜና የእሑዱ ተጨምሮ፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ነገር ጠየቅን። ብሩ ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ቀን ይቆያል? ስንት ሰዓት ይወስዳል? ሳይሸጥ የቀረውስ ምን ይሆናል? ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲያመቹ አጠጋግተናቸዋል። ገበያው ስለሚለዋወጥ አንባቢዋ በራሷ ሰፈር ዋጋ ትተካቸው።

በርበሬውን እናስቀድም። 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ በ500 ብር ሒሳብ 5,000 ብር ይሆናል። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለዝንጅብል፣ ለኮረሪማ፣ ለአዝሙድና ለሌላው ቅመም 1,800፣ ለወፍጮ 200፣ ለመጓጓዣና ለማሸጊያ 400 ስንጨምር ወጪው 7,400 ብር ደረሰ። ወይዘሮዋ 10 ኪሎው በርበሬ ከ1 ኪሎ ያህል ቅመም ጋር 11 ኪሎ እንደሚሆን፣ በኪሎ 1,000 ብር ሲሸጡትም 3,600 ብር እንደሚያተርፉ አስበው ነበር። ነገር ግን ዛላው ሲቀነጠስ፣ የተበላሸው ሲለቀምና ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይጎድላል። 2 ኪሎ ጎደለ ብንል የሚሸጠው 9 ኪሎ ብቻ ነው፤ ትርፉም ወደ 1,600 ብር ይወርዳል። ከግማሽ የሚበልጠውን ትርፍ የወሰደው ይኸው ጉድለት ነው። ስለዚህ የኪሎው ዋጋ የሚወጣው የተገዛውን በመመዘን ሳይሆን ከወፍጮ የተመለሰውን በመመዘን ነው።

ሰዓቱም ቀላል አይደለም። መግዛቱ፣ መቀንጠሱ፣ መደለዙ፣ ማስጣቱ፣ ቅመሙን መቁላቱ፣ ማስፈጨቱና ማሸጉ ተደምሮ 24 ሰዓት ያህል ሆነ፤ ይህም የወይዘሮዋን የሁለት ሳምንት ትርፍ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ለአንዱ ሰዓት ድካም የሚደርሳቸው 67 ብር ገደማ ነው። በዚያ ላይ የተሰጣ በርበሬ ድንገት ዝናብ ሲመጣ የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ በዚያን ሰዓት ቢሮ ናቸው። በክረምት ፈጽሞ አይሞከርም። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ስለሚሻግት ሙሉው ይጣላል። ሲገዙም ጥቂት ፍሬ ሰብሮ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። የደረቀው ድምፅ አሰምቶ ይሰበራል፤ ውስጡ ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበት፣ ወይም ክብደት እንዲያነሣ ውኃ ተረጭቶበት እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ አይወሰድም።

ወደ ልጆች ልብስ እንለፍ። 20 ልብስ በ350 ብር ሒሳብ 7,000 ብር፣ መጓጓዣ 200 ብር፣ በድምሩ 7,200 ብር ወጣ እንበል። እያንዳንዱ በ450 ብር ቢሸጥ 9,000 ብር ይገባል፤ ትርፉ 1,800 ብር ነው። የሚወስደው አንድ የቅዳሜ ረፋድና ጥቂት የምሳ ሰዓት፣ ማለትም 8 ሰዓት ያህል በመሆኑ ለሰዓቱ 225 ብር ይደርሳል። በወረቀት ላይ ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው።

ዳሩ ግን ከ20ው 4ቱ በልክ ወይም በቀለም ምክንያት ቢቀሩስ? 16ቱ ሲሸጡ የሚገባው 7,200 ብር ነው፤ ከወጪው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ትርፉ በሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጡት 4 ልብሶች ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ችግር ዱቤ ነው። የሥራ ባልደረባ «ደመወዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» ስትል እምቢ ማለት ያሳፍራል። ገዝቶ መሸጥ የሚያዋጣው ደግሞ ያው ብር በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲዞር ነው። ግማሹ ዱቤ ላይ ከቆየ ሁለተኛ ዙር መግዣ አይኖርም፤ ጥሩ መስሎ የታየውም ትርፍ የወር አንድ ጊዜ ትርፍ ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው የልብስ ማስተካከል ነው። መኪናው ስላለ ለማሳደስ፣ ለክር፣ ለመርፌ፣ ለዚፕና ለላስቲክ 1,500 ብር በቂ ሆነ፤ 10,500 ብር አልተነካም። በሳምንት 6 ልብስ ቀሚስ ማሳጠር፣ ሱሪ ማጥበብ፣ የተማሪ የደንብ ልብስ ማስረዘም ቢመጣና በአማካይ 100 ብር ቢያስከፍሉ፣ የክሩ ተቀንሶ 560 ብር ይቀራል። ሥራው ከመቀበሉና ከማስረከቡ ጋር 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ለሰዓቱ 140 ብር መሆኑ ነው። ጨርቁ የደንበኛው ስለሆነ ሳይሸጥ የሚቀር ነገር የለም፤ ልብሱም ገንዘቡ ሳይከፈል አይወጣም።

ይሁን እንጂ አገልግሎትም ገደብ አለው። ወይዘሮዋ ሲታመሙ ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል፤ ከ12 ሰዓታቸው በላይም ሊያድግ አይችልም። የሰው ልብስ ቢበላሽ መክፈል አለ። ስለዚህ ሲረከቡ ልብሱን በደንበኛዋ ፊት ዘርግቶ ቀድሞ የነበረውን ቀዳዳና እድፍ ማሳየት፣ አስለብሶ በስፒል ምልክት ማድረግ፣ ቀጠሮውንም ከሚበቃው ሁለት ቀን አርቆ መስጠት ያስፈልጋል። ትርፍ ጨርቁን ቆርጦ አለመጣልም ጥሩ ነው፤ ልጁ ሲያድግ መልሶ ይፈታል፤ ደንበኛዋም ተመልሳ ትመጣለች።

ሒሳቡን ጨርሰን ስናየው ወይዘሮዋ ራሳቸው መረጡ። ስፌቱን አስቀድመው ይጀምራሉ። ልብስ የሚያመጡት ደግሞ ልክና ቀለም ተነግሯቸው፣ ግማሹን ቀብድ ተቀብለው ብቻ ይሆናል፤ በዚህ መንገድ የሚቀር ልብስም፣ ረጅም ዱቤም አይኖርም። በርበሬውን የሚሞክሩት አዲሱ ምርት ወደ ገበያ በሚገባበትና ፀሐይ በማይጠፋበት በበጋው ወራት፣ እናታቸው ቤት በሚሆኑበት ጊዜ፣ ያውም 10 ኪሎ ብቻ ነው።

መኪና የሌላት፣ ግን ቀን ቤት የሚውል ረዳት ያላት እናት ሒሳቡ ሌላ ሊያሳያት ይችላል። ስሌቱ ግን ያው ነው፤ ብሩ የሚቆይበትን ቀን፣ የሚወስደውን ሰዓትና የሚቀረውን ዕቃ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። ሥራው ቋሚ መልክ ሲይዝ የንግድ ፈቃዱን ጉዳይ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ደግሞ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የሥራውንም ገንዘብ ከአስቤዛው ገንዘብ በተለየ ቦርሳ ይያዙ። ቦርሳው አንድ ከሆነ፣ ትርፉ በሽንኩርት አለቀ ወይስ መጀመሪያውኑ አልነበረም የሚለውን ማንም ሊያውቀው አይችልም።