የዲፓርትመንት ለውጥ ከአድ-ድሮፕ በፊት ይወሰን
ግልጽ ደብዳቤ ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣

በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ የዲፓርትመንት ኃላፊም ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው አዳማ ነው። የቀድሞ ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ከሞጆም ከመቂም ከባቱም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋሼ፣ ልጄ ዲፓርትመንት ካልቀየርኩ ብላለች። ብትቀይር በጊዜዋ ትመረቅልኛለች?» ስለ ፍላጎትና ተሰጥኦ የሚጠይቀኝ ወላጅ እምብዛም አይገጥመኝም። የሚጨነቁት ለምርቃቱ ዓመት ነው። ልክም ናቸው፤ ከታች ሌላ ልጅ ተራውን እየጠበቀ ነውና።

ይህን ደብዳቤ ለእናንተ የጻፍኩት ዩኒቨርሲቲያችሁ በ1986 ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የዚህ አካባቢ ቤተሰብ ስለ ምሕንድስና ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠራው እናንተን ስለሆነ ነው። ጉዳዩ ግን የሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የሴኔት ሕጋችሁን አንቀጽ በአንቀጽ ልተች አልመጣሁም። የማነሳው ስለ ለውጥ ጥያቄ በየኮሚቴው ስንነጋገር ስንዘነጋው የኖርነውን ነገር ነው። እኛ የምናየው ጂፒኤውንና ክፍት ቦታ መኖሩን ነበር። የተማሪውን የምርቃት ዓመት የሚወስነው ግን ውሳኔው የሚሰጥበት ሳምንት ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት ተማሪ በ2016 ገባች እንበል። ፕሮግራሙ 5 ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ2020 ክረምት መግቢያ ላይ ትመረቃለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ማለትም በ2017፣ ሲቪል ምሕንድስና ደረሳት። እሷ የምትፈልገው ሶፍትዌር ምሕንድስና ነው። የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶቿ፣ ካልኩለስና ፊዚክስ፣ የፕሮግራሚንግ መግቢያውም ጭምር በሁለቱም ዲፓርትመንት ይቆጠሩላታል። እስከዚህ ምንም አልጎደለባትም።

የሶፍትዌሩ የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ይሰጣል እንበል። በሁለተኛው ሴሚስተር ዳታ ስትራክቸር ይከተላል፤ ያንን ለመውሰድ የመጀመሪያውን ማለፍ ግዴታ ነው። ሦስተኛ ዓመት መግቢያ ላይ አልጎሪዝም አለ፤ እሱም ዳታ ስትራክቸርን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው።

ጥያቄዋ አድ-ድሮፕ ሳይዘጋ ተፈቀደላት እንበል። ሰርቬዪንግን ጥላ ኦብጀክት ኦሪየንትድን ትይዛለች፤ ያመለጣትን የአንድ ሳምንት ትምህርት ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች፤ በ2020 ትመረቃለች። ኮሚቴው የተሰበሰበው አድ-ድሮፕ ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሆንስ? ለውጡ የሚሠራው ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ይሆናል። በዚያ ሴሚስተር ዳታ ስትራክቸርን መውሰድ አትችልም። ኦብጀክት ኦሪየንትድን በ2018 መስከረም ላይ ከታችኛው ባች ጋር፣ ዳታ ስትራክቸርን በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር፣ አልጎሪዝምን ደግሞ በ2019 ትወስዳለች። ምርቃቷ 2021 ሆነ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛ ዓመትን በሙሉ ሲቪል ላይ ጨርሳ በ2018 መስከረም ብትቀይር ምን ይሆን ነበር? ያው 2021። ሰንሰለቱን የምትጀምረው በዚያው መስከረም ነውና። ሁለት ሳምንት የዘገየ ውሳኔና አንድ ዓመት ሙሉ የዘገየ ውሳኔ ዋጋቸው እኩል ነው ማለት ነው። ብዙ ተማሪ «ቶሎ ባመልክት ትንሽ ነው የሚጎዳኝ» ብሎ ያስባል፤ ጉዳቱ ግን በሳምንት በሳምንት የሚጨምር አይደለም። አድ-ድሮፕ እስኪዘጋ ምንም የለም፤ ከተዘጋ አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

ክሬዲት መቁጠር እዚህ ላይ ያታልላል። ያመለጧትን ኮርሶች ደምሮ «በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ብትጨምር ትደርሳለች» የሚል አማካሪ አይጠፋም። እኔም ሲባል ሰምቻለሁ። በክሬዲት ድምር ከሄድን እውነት ነው፤ በሰንሰለቱ ከሄድን ግን አይሆንም። ኢንተርንሺፑም የመመረቂያ ፕሮጀክቱም የሚቆሙት በእነዚሁ ኮርሶች ላይ ስለሆነ አንደኛው ሲዘገይ ሌላው ይጠብቃል።

ውሳኔው የሚዘገየው ኮሚቴው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ክፍት ቦታ የሚታወቀው ምዝገባ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያልመጣ፣ ዊዝድሮዋል የሞላ፣ በጂፒኤ የተሰናበተ ሲቆጠር። አመልካቾችን መመዘን የሚጀመረውም ያኔ ነው፤ ግሬድ ሪፖርት ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፊርማ ይዞራል፤ አድ-ድሮፕ ያልፋል። ሥራውን መገልበጥ ይቻላል። አመልካቾች ያለፈው ሴሚስተር ግሬድ እንደወጣ ይመዘኑና በተራ ይደርደሩ። ምዝገባ ሲያልቅ የሚቀረው ክፍት ወንበሩን ቆጥሮ ከዝርዝሩ አናት ስም መጥራት ብቻ ይሆናል። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

መመዘኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባልደረቦቼ ብዙም አይስማሙበትም። በየቦታው የተለመደው ጠቅላላ ጂፒኤን ማየት ነው። ሲቪል ሳይሆንላት ቀርቶ በስትረንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ዲ ያመጣች ልጅ በዚያው ዲ ምክንያት መውጫ ታጣለች። እኔ ብሆን የምመዝነው በሁለቱ ዲፓርትመንቶች የጋራ በሆኑት ኮርሶች ነው፤ ለሶፍትዌር ከሆነ በሒሳቡና በፕሮግራሚንግ መግቢያው። እዚያ ደካማ ከሆነች ደግሞ ጂፒኤዋ የቱንም ያህል ቢያምር አልፈቅድላትም። ለአዲሱ ፕሮግራም የማይቆጠሩት የቀድሞ ኮርሶች ግሬዳቸው በጂፒኤ ውስጥ ይቀር ወይስ ይውጣ የሚለውም በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ተማሪው ከማመልከቱ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

አድ-ድሮፕ ላመለጣትም ቢሆን በር አለ። ኦብጀክት ኦሪየንትድን በመጀመሪያው ሴሚስተር የወደቁ ተማሪዎች በየዓመቱ ይኖራሉ፤ እነሱም እስከ መስከረም ይጠብቃሉ። ለእነሱና ለቀያሪዎች በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ሴክሽን ቢከፈት፣ ዳታ ስትራክቸር ደግሞ በክረምት ቢሰጥ፣ ያቺ ተማሪ በ2018 መስከረም ከባቿ ጋር አልጎሪዝም ትቀመጣለች። የአስተማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ሆኖም የአንድ ዓመት ዶርምና ምግብ ከዚያ ይበልጣል፤ ተማሪዋም ወጪ መጋራት ፎርም አንድ ጊዜ ተጨማሪ ትሞላለች፤ ዕዳውም በዚያው ልክ ያድጋል።

መዘግየት የማይቀር ከሆነ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ይታሰብ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ያለ እሱ ዲግሪ የለም፤ 50 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ፈተናውም የሚወጣው በፕሮግራሙ ነው። የቀየረ ተማሪ የሚፈተነው በአዲሱ ፕሮግራም መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ። ፈተናው በክረምቱ ዙር ብቻ ሳይሆን በዓመቱ አጋማሽም ይሰጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ኮርስ መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ እንዲያልቅ ከታቀደ መዘግየቱ ግማሽ ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ማቀድ የሚቻለው ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ አምስተኛ ዓመት ላይ ረፍዷል።

ዲፓርትመንት ከመቀየር ይልቅ ሁለት ዲግሪ ጎን ለጎን ስለመማር ብዙ አልልም። ሁለት ዋና ትምህርት በአንድ ጊዜ መያዝ ማለት ሁለት ሰንሰለት፣ ሁለት የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ ሁለት የመውጫ ፈተና ነው። በ5 ዓመት ምሕንድስና ላይ ያንን መጫን አይመከርም። ልጆቹ በገዛ መንገዳቸው እየሠሩት ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ግቢ፣ ቅዳሜና እሁድ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ። የሚያዋጣው ንዑስ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ባለው ዘመን ተማሪው ከዋናው ጎን ንዑስ ትምህርት ይዞ ይመረቅ ነበር፤ ዲግሪው ከ4 ወደ 3 ዓመት ሲያጥር ለዚያ ቦታ አልተረፈም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ሲመለስ ግን አብሮ የታሰበበት አይመስልም።

ለምሳሌ እናንተ ዘንድ ሜካኒካል ምሕንድስናም አፕላይድ ጂኦሎጂም በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ከባቱ አለፍ ብሎ ላንጋኖ አጠገብ፣ የአሉቶ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አለ፤ ተርባይንም የሚያውቅ፣ የጉድጓድ ድንጋይም የሚያነብ ሰው የሚፈልግ ቦታ። አንድ የሜካኒካል ተማሪ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ከኢንተርንሺፑ ሴሚስተር በስተቀር በየሴሚስተሩ አንድ የጂኦሎጂ ኮርስ ቢይዝ አምስት ኮርስ ይሆንለታል። ኮርሶቹ ከሜካኒካሉ ሰንሰለት ጋር አይያያዙም፤ አንዱን ቢወድቅ ንዑስ ትምህርቱ ይቀርበታል እንጂ ምርቃቱ አይነካም። በንዑስ ትምህርት የመውጫ ፈተናም አይኖርም። ቅድመ ሁኔታው ከባድ መሆን የለበትም፤ በዋናው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ላይ አለመሆንና የሴሚስተሩን የክሬዲት ጣሪያ አለማለፍ ይበቃል። የክፍል ፕሮግራሙ እንዳይጋጭ ሁለቱ ዲፓርትመንቶች በዓመት አንዴ ቢነጋገሩ ሥራው ያልቃል።

ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የለውጥ አመልካቾች ዝርዝር ከምዝገባ በፊት ተመዝኖ ይደርደር፤ ውሳኔውም አድ-ድሮፕ ሳይዘጋ ይሰጥ። በሁለተኛው ሴሚስተር የሰንሰለት መጀመሪያ ለሆኑ ኮርሶች የማካካሻ ሴክሽን ይከፈት። ሦስተኛው ወረቀት ብቻ ነው፤ የለውጥ ፈቃድ ደብዳቤው ላይ ሬጅስትራር የሚቆጠሩላትን ኮርሶች፣ የሚቀሯትን ኮርሶች በየሴሚስተራቸው፣ የምትፈተንበትን የመውጫ ፈተና ዙርና የሚጠበቀውን የምርቃት ወርና ዓመት ይጻፍ። ተማሪዋ ያንን አንብባ ትፈርም ወይም ሲቪል ላይ ትቆይ። አባቷም ከመቂ ተነስቶ እኔ ቤት መምጣት ሳያስፈልገው መልሱን ከደብዳቤው ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አዳማ የምኖር የቀድሞ መምህር