የጥቅምት ሽያጭና የዘይቱ ዱቤ

የዛሬው ጨዋታችን የሱቅ ሒሳብ ነው። ቤት ውስጥ ወይም ከኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ ያላችሁ፣ ወይም ሱቅ ያላቸውን ልጆቻችሁን የምታግዙ ብዙዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ አንድ ወር ሙሉ የተጻፈን የሽያጭ ዝርዝር በኤክሴል አሳጥሮ ማየት እንዴት እንደሚቻል ከታናሽ እኅቴ ሱቅ ወስጄ ላጫውታችሁ።

እኅቴ ዕቃውን በደብተር ትጽፋለች፤ አሥረኛ ክፍል የሆነው ልጇ ማታ ማታ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል። በእጅ በእጅ የተሸጠው ለየዕቃው በቀን አንድ ጊዜ ተደምሮ ይገባል፤ ዱቤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፋል። የጥቅምት 2018 ዝርዝር 412 ረድፍ ሆነ። ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ «ጋሼ፣ ስሸጥ እውላለሁ፤ ለአከፋፋዩ የምሰጠው ብር ግን ያጥረኛል። የት ነው የሚገባው?»

ዓምዶቹ ስድስት ነበሩ፤ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ መሸጫ፣ መግዣ፣ አከፋፈል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስማቸው ተጽፏል፣ በመካከል ባዶ ረድፍ የለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ባዶ ረድፍ ካለ ኤክሴል ዝርዝሩ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ሁለት ዓምድ ጨመርንበት። ሰባተኛው ሽያጭ ነው፣

```
=C2*D2
```

ስምንተኛው ደግሞ ትርፍ፦

```
=C2*(D2-E2)
```

መደመሩን ከመጀመራችን በፊት ግን ዝርዝሩን ማጥራት ነበረብን። ለዚህ የሚሆነው ማጣሪያው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ሳጥን ጠቅ አድርጋችሁ Data ከሚለው ሥር Filter የሚለውን ስትጫኑ፣ በየዓምዱ ራስ ላይ ትንሽ ቀስት ይወጣል። ቀስቱን ስትነኩት በዚያ ዓምድ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይዘረዘራል። የዕቃውን ቀስት ስንነካ «ሳሙና» አለ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ «ሣሙና» አለ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ሳሙና ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው፣ ሲደምርም ለየብቻ ነው የሚደምረው። ሁለት ዓይነት «ሰ» ያለው ፊደላችን እዚህ ላይ ያስከፍላል። Ctrl እና H አንድ ላይ ተጭነን «ሣሙና»ን ሁሉ በ«ሳሙና» ተካነው። በሽያጭ ዓምድም ከዝርዝሩ ግርጌ #VALUE! የሚል ወጣ። እሱን ብቻ መርጠን ስናይ፣ ልጁ በብዛት ዓምድ ላይ «2» በማለት ፈንታ «2 ኪሎ» ብሎ የጻፈባቸው ሦስት ረድፎች ናቸው። ቁጥር ባለበት ሳጥን ውስጥ ፊደል ከገባ ማባዛት አይቻልም። ኪሎውን አጠፋነው፣ ተስተካከለ።

ከሁሉ ያሳቀን ቀኑ ነው። ልጁ ጥቅምት 10ን 10/2/2018 ብሎ ጽፎታል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካን አጻጻፍ ወርን ስለሚያስቀድም «ኦክቶበር 2» ብሎ ተረዳው። የቀኑን ቀስት ስንነካ የአንድ ወር ሽያጫችን በፈረንጆቹ 2018 ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ተበትኖ አገኘነው፤ በየወሩ አንድ አንድ ቀን ብቻ። ከጥቅምት 13 ጀምሮ ያለው ደግሞ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ሆኗል፤ ምክንያቱም እኛ ጳጉሜን ቢኖረንም ኤክሴል 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ሳይነካ የተተወ ሳጥን ከሆነ በዓይን ይለያል፦ ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ። መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ ካላችሁ የወሩን ስም የገጹ መጠሪያ አድርጉትና በቀን ዓምድ ላይ ከ1 እስከ 30 ያለውን ቁጥር ብቻ ጻፉ። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ከዚህ በኋላ መደርደር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አንዱን ዓምድ ለብቻው መርጣችሁ ደርድር ካላችሁት Sort Warning የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። Expand the selection የሚለውን ምረጡ። ሌላውን ከመረጣችሁ ቀኑ ብቻ ተደርድሮ ዕቃውና ዋጋው ባለበት ይቀራል፣ የሳሙናው ዋጋ ከእንቁላል ጎን ይቆማል። እንዲህ ከሆነባችሁ ወዲያው Ctrl እና Z ተጫኑ፤ ፋይሉ ተዘግቶ ካደረ ግን የሚመልሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ፒቮት ቴብል ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ክምሩን በየዓይነቱ ለይቶ መደመር ነው፤ የተቀላቀለ እህል አበጥሮ ስንዴውን ለብቻ፣ ገብሱን ለብቻ እንደ መስፈር። ዝርዝሩ ውስጥ ቆማችሁ Insert፣ ከዚያ PivotTable፣ ከዚያ OK። አዲስ ገጽ ይከፈትና በቀኝ በኩል የዓምዶቻችሁ ስም ይደረደራል። «ዕቃ»ን ይዛችሁ Rows ወደሚለው ሳጥን ጎትቱ፣ «ሽያጭ»ንና «ትርፍ»ን Values ወደሚለው። ከስሙ በፊት Sum of ሊል ይገባል። Count of ካለ ብሩን ሳይሆን ረድፉን እየቆጠረላችሁ ነው፤ ቁጥሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Summarize Values By ከሚለው Sum ምረጡ። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ ዝርዝሩን ብታርሙ ፒቮቱ በራሱ አይታረምም፤ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Refresh እስክትሉት ድረስ የድሮውን ነው የሚያሳያችሁ።

በሽያጭ ከትልቅ ወደ ትንሽ ስንደረድረው ባለ 5 ሊትር ዘይት አንደኛ ወጣ፤ 62 ተሸጦ 89,900 ብር። እኅቴ አልገረማትም፣ «ሱቄን ያቆመው ዘይት ነው» ትል ነበር። በትርፍ ስንደረድረው ግን ዘይት ወደ ታች ወረደ። በ1,420 ገዝታ በ1,450 ስለምትሸጠው ወሩን ሙሉ ያስገኘው 1,860 ብር ብቻ ነው። 34,200 ብር የተሸጠው እንቁላል 3,800 አትርፎ ከላይ ተቀምጧል። ገንዘቧ የሚሽከረከረው በዘይት፣ ትርፏ የሚመጣው ግን በእንቁላልና በሳሙና ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ዘይቱን ተይው» ማለት ይቀላል። እኔ አላልኩም። እሷ እንዳለችው ዘይት ፈልጎ የገባ ሰው ነው እንቁላሉንም ይዞ የሚወጣው፤ የእኛ ዝርዝር ደግሞ ማን ከምን ጋር ምን እንደገዛ አይጽፍም። ያልተጻፈ ነገር ከፒቮት አይወጣም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅነው፤ «አከፋፈል»ን ይዘን Columns ወደሚለው ሳጥን ጎተትነው። የዘይቱ ሽያጭ ሁለት ቦታ ተከፈለ፦ በእጅ በእጅ 30,450፣ በዱቤ 59,450። ከ62ቱ 41ዱ በዱቤ ነው የወጣው!

ጥያቄዋ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። አከፋፋዩ ዘይቱን በጥሬ ገንዘብ ነው የሚያስረክባት፤ እሷ ግን ሁለት ሦስተኛውን በዱቤ ትሰጣለች። ነገሩን የሚያከብደው የትርፉ ማነስ ነው። ከአንድ ዘይት 30 ብር ታገኛለች፤ አንዱ ሳይከፈል ቢቀር የወጣባትን 1,420 ለመተካት 48 ዘይት መሸጥ አለባት። ሳሙና በ45 ገዝታ በ55 ትሸጣለች፤ አንዱ ቢቀርባት አምስት ሸጣ ትተካዋለች። ዱቤ ሁሉ አንድ አይደለም።

59,450 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርገን ጠቅ ስናደርገው ኤክሴል ከኋላው ያሉትን 38 ረድፎች በአዲስ ገጽ አወጣልን። በቀን ስንደረድራቸው አብዛኞቹ ከጥቅምት 8 እስከ 18 ናቸው። ለምን እንደሆነ የገባት እሷ ናት፦ ደመወዝ የሚከፈለው በፈረንጅ ወር መጨረሻ ነው፣ ያ ደግሞ በእኛ 20 አካባቢ ይውላል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሰው ኪስ ይሳሳል። ስለዚህ አብዛኛው ዱቤ ከ20 በኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝራችን ግን የሚያውቀው መሸጡን እንጂ መከፈሉን አይደለም።

ስለዚህ «የተከፈለበት ቀን» የሚል ዓምድ ጨመርን። ልብ በሉ፣ ፒቮቱ ያወጣልን ገጽ ግልባጭ ነው፤ እሱ ላይ የምትጽፉት ወደ ዋናው ዝርዝር አይገባም። ወደ ዋናው ተመልሰን በማጣሪያው ዕቃውን ዘይት፣ አከፋፈሉን ዱቤ ብቻ አደረግን። ከታች በግራ በኩል 38 of 412 records found ይላል፤ የቀረው አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። እሷ የዱቤ ደብተሯን እያነበበች፣ ልጁ እየሞላ ጨረሱ። ከዚያ በአዲሱ ዓምድ ቀስት ከግርጌ ያለውን Blanks ብቻ ስንመርጥ ባዶ የቀሩት 9 ረድፎች ወጡ፤ 10 ዘይት፣ የመግዣ ዋጋው 14,200 ብር። የወሩ የዘይት ትርፍ 1,860 መሆኑን አስታውሱ። ከአሥሩ ስድስቱ የአንድ ቤት ናቸው። የማን ቤት እንደሆነ ከደብተሩ አንብባ ዝም አለች፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ከኅዳር ጀምሮ ዝርዝሩ ላይ «ደንበኛ» የሚልም ዓምድ ገብቷል፣ ስም ሳይሆን እሷ ብቻ በምታውቀው ቁጥር፤ ፋይሉን የሚያየው ልጅ ስለሆነ የጎረቤት ዕዳ በስም መዘርዘር የለበትም ብላ ነው፣ ልክ ናት። ሳሙናና ስኳር እንደ ድሮው በዱቤ ይወጣል። ዘይት በእጅ በእጅ ብቻ ሆኗል። ለአንዲት ጡረተኛ ጎረቤቷ ግን አሁንም ትሰጣለች፤ እሳቸው በጥቅምት ሁለት ጊዜ ወስደዋል፣ ሁለቱም ረድፍ ላይ የተከፈለበት ቀን ተሞልቷል።