የሞተሩ ገቢ ስንት ነው?

ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ ከተሰበሰበው ገንዘብ በ210,000 ብር የዕቃ ማድረሻ ሞተር ብስክሌት ተገዝቶ፣ ነጂ ተቀጥሮለት፣ በአዲስ አበባ እንዲሠራ የሚል ሐሳብ በማኅበራችን ቀርቧል። አቅራቢዎቹ እንደሚሉት ሞተሩ በቀን 1,400 ብር ስለሚያስገባ በአምስት ወር ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል። 210,000ን በወር ገቢ በ42,000 ማካፈል ለማንም አይቸግርም። እኛ የምንጠይቀው፣ ይህ 42,000 ብር በእውነት በማን ኪስ የሚገባ ነው የሚለውን ነው።

ከእኛ ቀደም ብሎ የተመረቀና በራሱ ሞተር ዕቃ የሚያደርስ አንድ ጓደኛችን ሒሳቡን በደብተር ይጽፋል። ጠዋት ሲወጣና ማታ ሲገባ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባል፤ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ታንኩን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሊትሩን ይመዘግባል፤ ለባለ ሱቆች የሚያስረክበውን የዕቃ ዋጋ ከራሱ ገቢ ለይቶ ያስቀምጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ማታ በኪስ የሚቆጠረው ብር ግማሹ የሰው ነውና። የአንድ ወር ደብተሩን ፈቅዶ አሳየን።

በእርግጥ 1,400 ብር ያገኘባቸው ቀኖች አሉ። ነገር ግን ከ30ው ቀን የሠራው 22 ቀን ነው፤ የቀረው በዝናብ፣ በጥገና፣ በቤንዚን ሰልፍና በዕረፍት አልፏል። የወሩ ድምር 26,400 ብር ሲሆን፣ ለሠራበት ቀን 1,200፣ በወሩ ቀኖች ሁሉ ሲካፈል ግን 880 ብር ብቻ ነው።

ወደ ወጪው እንምጣ። በሠራበት ቀን ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፤ ደንበኛ የሚከፍለው ግን ዕቃ ተጭኖ ለሚኬደው ብቻ እንጂ ባዶውን ለሚመለስበት አይደለም። ሞተሩ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ይጠጣል። ሊትሩን 130 ብር ብንይዘው የወሩ ቤንዚን 8,580 ብር ይሆናል።

የጥገናው ነገር አሳሳች ነው። በዚያ ወር ጓደኛችን ለዘይት ብቻ ከፍሎ ስለ ነበር ጥገና ምንም ያህል አይመስልም ነበር። ሰንሰለቱና ጥርሶቹ፣ የኋላ ጎማው፣ የፍሬን ሸራውና የፍሪሲዮን ሸራው ግን በየቀኑ እያለቁ ናቸው፤ ዕዳቸው የሚጠየቀው አንድ ቀን በአንድነት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዋጋ በሚያገለግልበት ኪሎ ሜትር አካፍሎ መደመር ይገባል። ለዚህ ሞተር ድምሩ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ50 ያህል መጣ፤ ለ2,200 ኪሎ ሜትር 3,300 ብር ማለት ነው። ለኢንሹራንስ፣ ለስልክ፣ ለማቆሚያና ለመሳሰለው 1,520 ብር ሲጨመር የወሩ ወጪ 13,400 ይደርሳል። የተረፈው 13,000 ብር ነው።

ጓደኛችን ይህን ትርፍ ይለዋል፤ የገዛ ድካሙ ዋጋ ስለ ሆነ በስሙ አንከራከርም። ማኅበራችን ግን ነጂ ይቀጥራል። ደመወዙን 8,000 ብር ብንለው ለሞተሩ የሚቀረው 5,000 ነው። በዚህ አኳኋን 210,000 ብር የሚመለሰው በ5 ወር ሳይሆን በ42 ወር ነው። በ36ኛው ወር ግን ቆጣሪው ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር ይቀርባል። ያን ጊዜ ሞተሩ 102,000 ብር ቢሸጥ፣ የጠፋው 108,000 ብር በወር 3,000 ይሆናል። እንግዲህ ንጹሕ ትርፉ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ «ሞተር እኮ አያረጅም፤ እገሌ ከገዛበት አስበልጦ ሸጠው» የሚሉን አሉ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዋጋ መናሩን ማን ይክዳል? ነገር ግን አስበልጦ የሸጠው ሰው ሌላ አዲስ ሞተር ለመግዛት ሲሄድ ያገኘውን ሁሉ ጨምሮም አይበቃውም። ተቀማጭ የሚደረገው 3,000 ብር መሰላት ያለበት በአሮጌው ደረሰኝ ሳይሆን በዛሬው የገበያ ዋጋ ነው፤ ያን ጊዜ ትርፉ ይብሱን ይቀጥናል።

ያው 210,000 ብር በ7 ከመቶ ወለድ በባንክ ቢቀመጥ በዓመት 14,700 ብር ያስገኛል። ሞተሩ የሚበልጠው በ9,300 ነው። አንድ ወር በአደጋ ወይም በፈቃድ ጉዳይ ቢቆምና የነጂው ደመወዝ ባይቋረጥ ከ14,000 ብር በላይ ይጎድልብናል፤ የዓመቱም ብልጫ ከነሥሩ ይጠፋል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ያልተፈቀደላቸውን ሞተሮች ባገደ ጊዜ ያለ ሥራ የቆሙትን አንዘነጋም።

ሞተሩ ሳይቆም እንኳ በሠራበት ቀን የሚያስገባው ከ1,200 ብር በ35 ብር ያህል ቢያንስ፣ የዓመቱ ትርፍ ከባንኩ ወለድ ጋር እኩል ይሆናል። እኛ ያየነው ደግሞ የአንድ የበጋ ወር ደብተር ብቻ ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ለሚመጣው ስብሰባ የአንድ የሐምሌ ወር ደብተር፣ ከተቻለም የአንድ የዐቢይ ጾም ወር፣ ከነቆጣሪው ንባብ ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን፤ እስከዚያው ገንዘቡ ከባንክ አይውጣ።