የሰዓት ምልክት ብቻውን ዳታ አይቆጥብም፦ የተቀረጸ ትምህርትን በምዕራፍ ስለመክፈል

ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ተሸጋገረ። የትምህርት ቤቶቹ በር ከተከፈተ በኋላም የቴሌግራሙ ልማድ አልቀረም። ዛሬም መምህሩ በክፍል ውስጥ የሰጠውን ትምህርት በስልክ አስቀርጾ አርባ ደቂቃውን እንዳለ በተማሪዎቹ ቡድን ላይ ይለጥፋል። ጠንቃቃ መምህር ከሆነ ደግሞ ከቪዲዮው ሥር የትኛው ርዕስ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር በዝርዝር ይጽፋል። ይህ የሚመሰገን ትጋት ቢሆንም የሞባይል ዳታው ውስን ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ጥቅም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የሰዓት ምልክት ጊዜን ይቆጥባል፤ ዳታን የሚቆጥበው ግን ፋይሉ ራሱ ሲከፈል ነው።

ልዩነቱ ቪዲዮው ወደ ተማሪው ስልክ ከሚደርስበት መንገድ የሚመነጭ ነው። እንደ ዩቲዩብ ባሉ መድረኮች ቪዲዮው የሚመጣው በትናንሽ ቁርጥራጮች ስለሆነ ተማሪው አንዱን ርዕስ ሲነካ በመካከል የተዘለለው ክፍል በአብዛኛው አይወርድም። ይሁን እንጂ ማጫወቻው ወደፊት ያለውን አስቀድሞ ስለሚያወርድ እያንዳንዱ ዝላይ ያልታየ ትርፍ ያስከፍላል፤ ትምህርቱን ደግሞ ለመመልከት ሲፈለግም ብዙውን ጊዜ እንደገና መክፈል ግድ ይሆናል። በቴሌግራም ላይ የተጻፈ የሰዓት ምልክትም ሲነካ ቪዲዮውን ወደዚያ ደቂቃ ይወስደዋል። ነገር ግን መረቡ በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ተማሪ በቀጥታ ከማየት ይልቅ አውርዶ ማስቀመጥን ይመርጣል፤ አንዴ የወረደ ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ዳታ አይበላምና። እርሱ ሲያወርድ የሚያወርደው ሙሉውን ፋይል ነው። ስድስት ደቂቃ ለማየት የአርባ ሁለት ደቂቃ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

ዋጋውን ለማስላት የተወሳሰበ ቀመር አያስፈልግም። ምስሉና ድምፁ በአንድነት በሰከንድ 400 ኪሎቢት የሚወስዱ ከሆነ አንድ ደቂቃ 3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የ42 ደቂቃ ትምህርት 126 ሜጋባይት ይመዝናል። ከዕለታዊ ጥቅሉ 60 ሜጋባይት የቀረው ተማሪ ይህን ፋይል ማውረድ ቢጀምር ከግማሽ ሳያልፍ ጥቅሉ ያልቃል። የፋይሉ ማውጫ በመጨረሻው ላይ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ የወረደው ግማሽ እንኳ አይከፈትም፤ ተማሪው ጥቅሉንም ትምህርቱንም ያጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከታተል ይቻላል። የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ መምህር ኳድራቲክ እኩልታን ሙሉ ካሬ በመሥራት ስለመፍታት ያስተማረበት የ42 ደቂቃ ቅጂ አለ እንበል። የትምህርቱ ፍሰት ሲታይ ስድስት ተፈጥሯዊ መገጣጠሚያዎች ይገኙበታል። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን የመነሻ ሰዓቱና ክብደቱ ሲጻፍ ዝርዝሩ የሚከተለውን ይመስላል።

1. 00:00 የትናንቱ የቤት ሥራ እርማት፤ 19.5 ሜጋባይት
2. 06:30 ሙሉ ካሬ ምን ዓይነት ነው?፤ 19.5 ሜጋባይት
3. 13:00 x² + 6x + 5 = 0 ሙሉ ካሬ በመሥራት ሲፈታ፤ 25.5 ሜጋባይት
4. 21:30 የx² አባዢ 1 ካልሆነስ? 2x² + 8x + 6 = 0፤ 22.5 ሜጋባይት (አስቀድሞ 3ን ይመልከቱ)
5. 29:00 የx አባዢ ለምን በሁለት ተካፍሎ በራሱ ይባዛል?፤ 13.5 ሜጋባይት (አስቀድሞ 3ን ይመልከቱ)
6. 33:30 የመልመጃ ጥያቄዎችና መልሳቸው፤ 25.5 ሜጋባይት

60 ሜጋባይት የቀረው ተማሪ አሁን ምርጫ አለው። በክፍል ውስጥ ያልገባው አፈታቱ ከሆነ 3ኛውንና 5ኛውን ምዕራፍ በ39 ሜጋባይት ያወርዳል፤ 21 ሜጋባይትም ይተርፈዋል። ጓደኛው 4ኛውን አውርዶ ከሆነ ደግሞ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ያለ ዳታ ይቀበለዋል። ይህን ምርጫ የሚያስገኘው የርዕሱ አጻጻፍ ጭምር መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። «ክፍል ሦስት» ወይም «ምሳሌ» የሚል ርዕስ ተማሪው ከፍቶ ካላየው በቀር ምን እንደያዘ አይነግርም፤ ከፍቶ ማየት ደግሞ መክፈል ነው። በርዕሱ ውስጥ እኩልታው ራሱ ሲጻፍ ግን ተማሪው ደብተሩን ገልጦ የትኛው እንደጎደለው ዳታ ሳያወጣ ይለያል። የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነም መምህሩ ቢያብራራ በአማርኛ እንኳ መጽሐፉ የሚጠቀምበት ስያሜ፣ ማለትም «ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር»፣ በርዕሱ አጠገብ ቢሰፍር ተማሪው ከመጽሐፉ ገጽ ጋር ለማገናኘት አይቸገርም።

አቆራረጡ የራሱ ወጥመድ አለው። ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሙሉ አያስቀምጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ከእርሱ በተለዩበት መጠን ብቻ ይመዘግባል። በተለመደው የ`libx264` አሠራር በሁለት ሙሉ ምስሎች መካከል እስከ 250 ምስሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በሰከንድ 25 ምስል ለሚያሳይ ቪዲዮ ይህ 10 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው እንደገና ሳይታመቅ እንዲሁ ሲቆረጥ ምዕራፉ ከታሰበበት ቦታ ብዙ ሰከንድ ቀድሞ ሊጀምር፣ ወይም ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ፈዞ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ቪዲዮውን ሲያሳንሱ በምዕራፎቹ መነሻ ላይ ሙሉ ምስል እንዲቀመጥ ማዘዝ፣ ከዚያም በእነዚያ ነጥቦች ላይ መቁረጥ ነው። ነጻ በሆነው `ffmpeg` ሥራው በሁለት ትእዛዝ ይጠናቀቃል፤ ሁለተኛው ለየምዕራፉ ሰዓቱ እየተለወጠ ይደገማል።

```
ffmpeg -i lesson.mp4 -vf scale=-2:480 -c:v libx264 -b:v 350k \
  -force_key_frames 00:06:30,00:13:00,00:21:30,00:29:00,00:33:30 \
  -c:a aac -b:a 48k -ac 1 small.mp4

ffmpeg -ss 00:13:00 -to 00:21:30 -i small.mp4 -c copy \
  -movflags +faststart 03.mp4
```

የመጨረሻው `+faststart` የፋይሉን ማውጫ ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል፤ በዚህም ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ መታየት እንዲጀምር ያስችላል። ማሳነሱ ግን ገደብ አለው። መለኪያው ሰሌዳው ነው፦ በትንሽ ስልክ ላይ በቁጥሮቹ መካከል ያለው የመቀነስ ምልክት በግልጽ ካልታየ የተቆጠበው ዳታ ከንቱ ነው፤ ተማሪው የተሳሳተ እኩልታ ይገለብጣልና። እንዲህ ባለ ጊዜ ምስሉ የሚወስደው መጠን ከፍ ሊል፣ የምዕራፎቹም ክብደት እንደገና ሊሰላ ይገባል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ግን የትምህርቱ ትስስር ነው። በምሳሌው 4ኛ ምዕራፍ መምህሩ ሁለቱንም ወገን ለ2 አካፍሎ x² + 4x + 3 = 0 ላይ ከደረሰ በኋላ «ቀደም ብለን እንዳደረግነው» ብሎ እጁን ወደ ሰሌዳው ግራ ጎን ይጠቁማል። የሚጠቁመው በ3ኛው ምዕራፍ የጻፈውን (x + 3)² = 4 የሚለውን መስመር ነው። ሙሉውን ትምህርት ለተከታተለ ተማሪ ይህ በቂ ነው። 4ኛውን ብቻ ላወረደ ተማሪ ግን መስመሩ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ስለሆነ ጣቱ ባዶ ግድግዳ የሚያመለክት ያህል ነው። በዝርዝሩ ላይ «አስቀድሞ 3ን ይመልከቱ» የሚለው ማሳሰቢያ የሰፈረውም ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለው ደግሞ በ3ኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ሰሌዳው ሳይጠፋ የተነሣ አንድ ፎቶ ከ4ኛው ጋር አብሮ መላክ ነው። 100 ኪሎባይት የሚመዝን ፎቶ ከዚሁ ቪዲዮ የሁለት ሰከንድ ዋጋ ብቻ ነው፤ ተማሪውን ግን የ25.5 ሜጋባይት ምዕራፍ ከማውረድ ሊያድነው ይችላል።

አንድ ምዕራፍ በትክክለኛው ቦታ መቆረጡን ለማወቅ ከሌሎቹ ለይቶ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ማዳመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው ቃል «ስለዚህ» ወይም «ይህንን» ከሆነ መነሻው ዘግይቷል፤ የሐሳቡ ራስ በቀደመው ፋይል ውስጥ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ መቁረጫው መምህሩ ጥያቄውን ወደ አነሣበት ወይም አዲሱን እኩልታ ወደ ጻፈበት ቅጽበት መመለስ አለበት። ሰዓቱን እኩል እየከፋፈሉ በየሰባት ደቂቃው መቁረጥ ሥራውን ያቀላል፤ ነገር ግን ከላይ በተጠቀሰው ትምህርት 14ኛው ደቂቃ ላይ የሚያርፈው መቁረጫ የ3ኛውን ምዕራፍ ጥያቄ ከመፍትሔው ይለያየዋል።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ትምህርት ሲቆራረስ ተማሪው ማብራሪያውን ትቶ ወደ መልመጃው መልስ ብቻ ይሮጣል የሚል ስጋት አላቸው ብዙ መምህራን። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዳታው ውስን የሆነው ተማሪ ግን ፋይሉ ባይከፈልም ሙሉውን አያይም፤ ጨርሶ ሳያየው ይቀራል እንጂ። መልመጃውን ብቻ ወዳወረደው ተማሪ ማብራሪያውን የሚያቀርበው እያንዳንዱን ጥያቄ ከሚደግፈው ምዕራፍ ጋር ማያያዝ ነው፦ በ6ኛው ምዕራፍ መግለጫ ውስጥ «ይህ ካልተሠራ 4ን ይመልከቱ» ብሎ መጻፍ። ተቃውሞው በአንድ ነገር ግን ትክክል ነው። አንድ ማረጋገጫ ወይም አንድ አፈታት ቢረዝምም ለሁለት መከፈል የለበትም። የ12 ደቂቃ አንድ ሐሳብ 36 ሜጋባይት ቢመዝን ይሻላል፤ ለሁለት ተከፍሎ ሁለተኛው አጋማሽ ብቻውን ከወረደ የማይገባ ፋይል ይሆናልና።

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ሥራውን ከመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አለመሆኑን ያሳያል። የትምህርቱን መገጣጠሚያ የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ መቁረጡን ግን በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ያለ ባለሙያ ወይም አንድ የሠለጠነ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። መምህሩ ከክፍል እንደወጣ ስድስት ሰዓቶችንና ስድስት ርዕሶችን በወረቀት ላይ ቢያሰፍር የእርሱ ድርሻ ይጠናቀቃል። ትምህርት በቪዲዮ የሚያሰራጩ ትምህርት ቤቶችና የትምህርት ቢሮዎችም አንድን ቅጂ ለተማሪ ደርሷል ብለው ከመቁጠራቸው በፊት በየምዕራፉ መከፈሉንና ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ክብደቱ መጻፉን ሊጠይቁ ይገባል። ገበያ የሄደ ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ አያነሣም፤ ተማሪውም በቀሪ ጥቅሉ ምን መማር እንደሚችል ሳያወርድ የማወቅ መብት አለው።