ተከራይቶ ማከራየትና ውል ማስተላለፍ አንድ አይደሉም



በዚህ በኒው ዮርክ ከተማ የምንኖረው አብዛኞቻችን የሰው ቤት ተከራይተን ነው። አገር ቤት የታመመ ወላጅ ለማስታመም ወይም በሌላ ከተማ ሥራ አግኝተን ስንነሣ፣ ቁልፉን ለዘመድ ሰጥተን «ኪራዩን በየወሩ ክፈል» ብለን እንሄዳለን። በዘመዳሞች መካከል ይህ ይበቃ ይሆናል። ባለቤቱ ዘንድ ግን አይበቃም።

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ነገሮች እንለይ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ቤቱን ለጊዜው ለሌላ ቢያከራይ፣ ያ ተከራይቶ ማከራየት ነው። ዋናው ውል ከእጁ አልወጣም። ሁለተኛው ተከራይ ለእሱ ይከፍላል፣ እሱም ለባለቤቱ ይከፍላል። ውል ማስተላለፍ ግን የቀረውን ዘመን በሙሉ ለሌላ ሰው አስረክቦ መውጣት ነው። አዲሱ ሰው በቀጥታ ለባለቤቱ ይከፍላል፤ መመለስ የለም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ተከራይ ኪራዩ በወር 1,800 ዶላር ነው፤ ውሉም 14 ወር ይቀረዋል እንበል። እናቱን ለማስታመም ለ8 ወር ሲሄድ ቤቱን ለአጎቱ ልጅ አከራየ። ልጁ ሦስት ወር ከፍሎ ሁለት ወር ዘለለ። ባለቤቱ 3,600 ዶላሩን የሚጠይቀው ልጁን ሳይሆን ውል የፈረመውን ሰው ነው። «እኔ እኮ አልነበርኩም» ማለት አያድንም። ውሉን ያስተላለፈም ቢሆን «ከእንግዲህ ከውሉ ነፃ ነህ» የሚል ጽሑፍ ከባለቤቱ ካልተቀበለ፣ አዲሱ ሰው ያልከፈለው ዕዳ ዞሮ ሊመጣበት ይችላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። በየውላችን ውስጥ «ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ማከራየትም ማስተላለፍም አይቻልም» የሚል አንቀጽ አለ። ብዙዎቻችን «ያው ክልክል ነው» ብለን እናልፈውና በድብቅ እናደርገዋለን። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ኪራዩን በወቅቱ ቢከፍል እንኳ ውል ፈርሷል ተብሎ ዋናው ተከራይ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። የሕንፃው ጠባቂ «ችግር የለም» ማለቱም የጽሑፍ ፈቃድ አይደለም።

ሕጉ ግን ለጠየቀ ሰው በር ከፍቷል። የኒው ዮርክ የንብረት ሕግ አንቀጽ 226-ለ እንደሚለው፣ አራትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ሕንፃ ውስጥ ባለቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ማከራየትን መከልከል አይችልም። ተከራዩ ጥያቄውን መመለሻ ካርድ ባለው የአደራ ደብዳቤ ይልካል። በደብዳቤው ውስጥ የሚገባውን ሰው ስምና የቤትና የሥራ አድራሻ፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የሚሄድበትን ምክንያትና የራሱን አዲስ አድራሻ ይጽፋል። ከሁለተኛው ተከራይ ጋር ሊዋዋል ያሰበውን ውልና የራሱን ውል ቅጂ ያያይዛል፤ አብሮት የፈረመ ሰው ወይም ዋስ ካለም የእነሱን የጽሑፍ ስምምነት ይጨምራል።

ባለቤቱ ተጨማሪ መረጃ ከፈለገ ደብዳቤው በተላከ በ10 ቀን ውስጥ ይጠይቃል። ከዚያ ጥያቄው ወይም ተጨማሪው መረጃ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መፍቀዱን ወይም የከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ዝም ካለ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። የደብዳቤው ደረሰኝ በእጅ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑን የሚቆጥርልን እሱ ነውና።

ውል ማስተላለፍ ላይ ሚዛኑ ሌላ ነው። ባለቤቱ ምክንያት ሳይሰጥ «አይሆንም» ማለት ይችላል። ነገር ግን ክልከላው በቂ ምክንያት ከሌለው፣ ተከራዩ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ከውሉ ነፃ እንዲያወጣው መጠየቅ ይችላል፤ ባለቤቱም ማሰናበት አለበት። ምክንያቱ በቂ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የቀረበው ሰው ኪራዩን የሚችል ገቢ ከሌለው፣ ውሉ እንደ ነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ ጨርሶ ለሚሄድ ሰው እንቢታም ቢሆን መውጫ ሊሆነው ይችላል፤ ያልጠየቀ ግን ይህን አያገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ይህ ደንብ ለመንግሥት ቤቶችና ለኅብረት ቤቶች አይሠራም። ኪራዩ በመንግሥት ቁጥጥር የተወሰነ ቤት ያለው ደግሞ ተመልሶ የሚኖርበት መሆን አለበት፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ማከራየት አይፈቀድለትም። ከሕጋዊው ኪራይ በላይ መጠየቅም አይችልም፤ የተሟላ የቤት ዕቃ ካለው ብቻ 10 በመቶ መጨመር ይችላል።

እንግዲህ ጉዞ ያሰበ ነዋሪ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ ደብዳቤውንም ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይላክ።